ረሃቡ በምስሉ፣ ጥፋተኛው በቅንብሩ

ጥያቄ፦ «በቅርቡ ስለ ሀገራችን ያለፈ ታሪክ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ከቤተሰብ ጋር ተቀምጠን አየን። አንድም የሐሰት ምስል አላገኘሁበትም፤ ተራኪውም የዋሸ አይመስለኝም። ሆኖም ፊልሙ ሲያልቅ ሁላችንም በአንድ ሰው ላይ ፈርደን ተነሣን። አባቴ ‹የት ላይ ነው ያሳመነህ?› ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ትረካው፣ የቆየው ምስልና የምስሎቹ ቅደም ተከተል እያንዳንዳቸው ምን ይሠራሉ? በምናውቀው ምሳሌ ቢያስረዱን።»

መልስ፦ ቦታውን ያጡት በምስሎቹ ውስጥ ስለፈለጉት ነው። የሚያሳምነው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው አንዱ ምስል አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ስፌት ላይ፣ ወይም ዓይን በሚያየውና ጆሮ በሚሰማው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ተመልካቹ ራሱ ነው። ራሱ የሞላውን ደግሞ እንደ ተነገረው ሳይሆን እንደ ደረሰበት አድርጎ ይይዘዋል፤ ስለዚህም አጥብቆ ይከራከርለታል። እኔ የፊልም ቅንብር ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ የሚጋገረው በዚያ ክፍተት ውስጥ ስለሆነ አሠራሩን በቅርብ አውቀዋለሁ።

የምናውቀውን ምሳሌ ስለጠየቁ በታሪካችን ከሁሉ የከበደውን ልውሰድ፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን የወሎ ረሃብ ፊልም።

ጥሬ ዕቃው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጹት ዘገባ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የተሠራው ለእንግሊዝ ተመልካች ነው፤ ያ ተመልካች ወሎ የት እንዳለ አያውቅም፣ በዚያ ሰው በረሃብ እያለቀ መሆኑንም አልሰማም። ፊልሙ ከታየ በኋላ የብሪታንያ ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ የዓለም ዓይንም ወደ ወሎ ዞረ። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ደርግ ይኸንኑ ፊልም አነሣና በመካከሉ የቤተ መንግሥት ምስሎችን ሰካበት። ግብዣ፣ ሻምፓኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከብር ሳህን ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች ነበሩ። ጃንሆይም ፊልሙን እንዲያዩ ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግስቱ ጠዋት የመውረዳቸው ውሳኔ ተነበበላቸውና በትንሿ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ።

ይህን ምሳሌ የመረጥሁት ፊልሙ ሐሰተኛ ስለነበረ አይደለም፤ ስላልነበረ ነው። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። መንግሥት የረሃቡን ወሬ ለመሸፈን መሞከሩም የታወቀ ነው። በውሸት የተሞላ ፊልም የሚያጋልጠው ሰው አያጣም። አስቸጋሪው እንደ እርስዎ ያለ ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ምስል እውነት ሆኖ ሳለ ድምሩ ማንም ያልተናገረውን ነገር ሲናገር።

ከቅደም ተከተሉ ልጀምር። የተራበ ሕፃን ምስል ብቻውን «ይህ ልጅ ተርቧል» ከማለት አያልፍም። ማን እንዳስራበው፣ ለምን እንደተራበ፣ ማን ሊደርስለት ይገባ እንደነበር በምስሉ ላይ አይታይም። አሁን ከፊቱ የግብዣ ምስል ያስቀድሙ፤ ጠረጴዛው ሞልቷል፣ ብርጭቆው ይነሣል፣ ከዚያ ሕፃኑ ይመጣል። ያለ አንዲት ቃል «እነዚህ ስለበሉ ይህ ተራበ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተሠራ። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ሕፃኑ ይቅደም፣ ግብዣው ይከተል። አሁን ክሱ ሌላ ነው፤ «ይህ ልጅ ተርቦ እያዩ ይጠጣሉ» የሚል የግድየለሽነት ክስ ሆነ። የመጀመሪያው ስለ መንሥኤ፣ ሁለተኛው ስለ ሕሊና ይናገራል። ግብዣው በሁለት የረሃብ ምስሎች መካከል ሲገባ ደግሞ ሁለቱም ክሶች በአንድነት ይነሣሉ፤ ተመልካቹም ሊለያያቸው ጊዜ አያገኝም። ፊት ምንም ሳይለወጥ ከጎኑ በተቀመጠው ምስል ብቻ ትርጉሙ እንደሚለወጥ የሩሲያው የፊልም መምህር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት አሳይተዋል፤ ስለዚህ ደርግ የፈጠረው አዲስ ጥበብ አልነበረም።

ቅደም ተከተል የሚሠራው ሌላው ነገር ጊዜን ማጥፋት ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዚያ ዘመን ከነበሩት ድግሶች ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሣው የንጉሠ ነገሥቱ የሰማንያኛ ዓመት ልደት በዓል ነው፤ የተከበረውም ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዙ ዘገባ ለሕዝብ የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። አንድ አርታኢ የዚያን በዓል ምስል ከወሎው መጠለያ ጋር ቢያያይዝ በሁለቱ መካከል ያለው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ በመቀሱ ስር ያልቃል። ተመልካቹ የሚያየው አንድ ማታ ነው፤ በአንድ በኩል ጭፈራ፣ በሌላ በኩል ሞት። በፊልም ቋንቋ ሁለት ምስል ተከታትሎ ከመጣ፣ ሌላ ምልክት እስካልተሰጠ ድረስ፣ «በዚያው ሰዓት» ማለት ነው።

ይህን በወረቀት ላይ መሞከር ይቻላል። ስድስት ምስሎች አሉን እንበል፦ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሥጋ የሚበሉ ውሾች፣ በረድፍ የተቀመጡ የተራቡ ሰዎች፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን ሲጎበኙና እህል የጫነ መኪና። ጉብኝቱ የተፈጸመ ነገር ነው፤ ጃንሆይ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ወሎ ሄደዋል። ግብዣ፣ የተራቡ ሰዎች፣ ውሾች፣ ቀብር ብለው ቢደረድሩና ጉብኝቱንና መኪናውን ቢተዉ ደርግ የፈለገው ፊልም ይወጣል። የተራቡ ሰዎች፣ ቀብር፣ የንጉሡ ጉብኝት፣ እህል የጫነ መኪና ብለው ቢደረድሩ ደግሞ «አባት ለልጆቹ ደረሰ» የሚል የማስታወቂያ ሚኒስቴር ፊልም ይወጣል። በሁለቱም ውስጥ አንድም የተፈጠረ ምስል የለም።

ነገር ግን ሦስተኛ ፊልምም አለ፤ እርሱን በስድስቱ ምስሎች መሥራት አይቻልም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የወሎን ረሃብ መርምረው ነበር። በወሎ አዝመራው ጠፍቷል፤ የሀገሪቱ አጠቃላይ ምርት ግን ረሃቡን በሚያስረዳ መጠን አልቀነሰም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ገበሬው የሞተው እህል በሀገር ስለጠፋ ሳይሆን እህሉን የሚገዛበት ነገር በእጁ ስላልነበረ ነው። የአፋር ከብት አርቢም እንዲሁ፤ በአዋሽ ሸለቆ የነበረው የግጦሽ መሬት በእርሻ ተይዞበታል፣ ከብቱ ያልቃል፣ የተረፈውን ቢሸጥም የሚያገኘው እህል ጥቂት ነው። ይህን ለማሳየት ገበሬው በሬውን በርካሽ ሲሸጥ፣ ጭሰኛው ካልደረሰ ሰብል የመሬት ኪራይ ሲጠየቅ፣ በገበያው እህል ተከምሮ ሳለ ሰው ባዶ ስልቻ ይዞ ሲመለስ መታየት ነበረበት። ካሜራ ግን በመጨረሻ ነው የደረሰው፤ ሰዎቹ ከቤታቸው ወጥተው መንገድ ዳር ከወደቁ በኋላ። ስለዚህ ፊልሙ ውጤቱን አይቷል፤ መንሥኤው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። አርታኢ ባዶ ቦታ አይወድም። በዚያ ቦታ ግብዣው ገባ።

እዚህ ላይ የአርታኢዎችን አንድ አመል ልንገርዎት። ከአደራደሩ በተጨማሪ የምስሉ ርዝመትም ይፈርዳል። የግብዣው ምስሎች ሁለት ሁለት ሰከንድ እየቆዩ ቢያልፉ ችኮላና ስካር ይመስላሉ፤ የግለሰብ ፊት አይቀርም፣ የሚቀረው እጅ፣ ብርጭቆና ጥርስ ነው። የተራበው ፊት ግን ስምንት ወይም ዐሥር ሰከንድ ቢቆይ ተመልካቹ ዓይኑን ማንሣት ያፍራል። ከዚህም የሚብሰው ድምፅ ነው። የግብዣው የማርሽ ባንድ ሙዚቃ ምስሉ ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ሰከንድ እየቀጠለ በተራበው ፊት ላይ ቢፈስ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ጣሪያ ስር የዋሉ ይመስላል። ተመልካች የምስልን ቁርጥ ቢያስተውልም የድምፅን መሻገር አያስተውልም። እኔ የሰው ፊልም ስመረምር መጀመሪያ የምፈልገው ሙዚቃው የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ነው።

አሁን ወደ ቆየው ምስል። ሰው የቆየ ምስል ሲያይ ማስረጃ ያየ ይመስለዋል፤ ጭረቱና የደበዘዘው ቀለም ራሱ ማኅተም ይሆናል። ሆኖም የቆየ ምስል ሁሉ አንድ ጊዜ የሆነ ሰው ለሆነ ዓላማ ያስቀረጸው ነው። በንጉሡ ዘመን ካሜራ የነበረው ማን ነው? ቤተ መንግሥቱ፣ ሚኒስቴሩና ከውጭ የመጣ ጋዜጠኛ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በክምችት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የተገኘው ሰልፍ፣ ምረቃ፣ አቀባበልና ግብዣ ነው። እነዚህ የተቀረጹት ንጉሡን ለማክበር ነበር። አስገራሚው ነገር ክብር ለማሳየት የተቀረጸው ምስል አንድ ቀን ሳይነካ፣ ሳይቀባ፣ ከሌላ ምስል ጎን በመቀመጡ ብቻ የክስ ሰነድ መሆኑ ነው። ድግሱን ያስቀረጸው ባለሟል ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ ለጠላቱ አስቀመጠለት። የጭሰኛውን ኑሮ ግን ማንም ስላልቀረጸው በመደርደሪያው ላይ የለም፤ ከመደርደሪያው የሌለ ደግሞ በኋላ በሚሠራው ፊልም ውስጥ ያልነበረ ያህል ይሆናል።

ስለ መስከረም 1ቱ ፊልም ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነሣውም። በዚያን ጊዜ የእኛ ቴሌቪዥን ስርጭት ጥቁርና ነጭ ነበር። ከተለያየ ምንጭ፣ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ፊልም የተቀረጸ ነገር በቀለም ሲታይ ልዩነቱ ያሳብቃል፤ አንዱ ቢጫ ይመታዋል፣ ሌላው ሰማያዊ። በጥቁርና ነጭ ሲተላለፍ ያ ልዩነት ይጠፋና ሁሉም የአንድ ፊልም አካል ይመስላል። ዛሬ ይህንኑ ሥራ በኮምፒውተር ቀለም በማስተካከል ሆን ብለን እንሠራዋለን። ጨዋ አዘጋጅ ግን ምስሉን ካመሳሰለ በኋላ ጥግ ላይ ቦታውንና ዓመቱን ይጽፋል። ያልጻፈ አዘጋጅ ሁሉ አታላይ ነው አልልም፤ አንዳንዱ ዓመቱን ራሱም አያውቀውም። ግን ያልተጻፈበት ምስል በእርስዎ መዝገብ ላይ «ቀን የሌለው» ተብሎ ይያዝ።

ትረካው ከእነዚህ ሁሉ ግልጽ ይመስላል፤ ሲናገር እየሰማነው ነውና። ግን ትረካ በሚለው ብቻ ሳይሆን ባለቤቱን ባስቀረው ዓረፍተ ነገርም ይመራል። ለዚህ ከደርግ ፊልም ይልቅ ከዐሥር ዓመት በኋላ የመጣውን ልጥቀስ፤ ቦታው አሁንም ወሎ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ዘገባ ተላለፈ፤ ምስሉን የቀረጹት ኬንያዊው መሐመድ አሚን ናቸው። መክፈቻው ዓለምን ያስለቀሰ ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ከኮረም ውጭ ባለው ሜዳ ላይ የሌሊቱን ብርድ ሰንጥቃ ስትወጣ በዚህ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የሚመስል ረሃብ ታበራለች ይላል፤ ቀጥሎም በስፍራው የሚሠሩ ሰዎች ቦታውን በምድር ላይ ለሲኦል የቀረበ እንደሚሉት ይናገራል።

እንደ ጽሑፍ ድንቅ ነው፤ እኔም ለተማሪዎች ስለ አጻጻፍ ስናገር አነሣዋለሁ። ግን የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ይፈልጉ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ብርሃን ያበራል፣ ረሃብ ይታያል። ሰው የሠራው ሥራ የለም። በሰሜን ለዓመታት ሲካሄድ የቆየው ጦርነት፣ በዘመቻ ምክንያት የተዘጋ ገበያና መንገድ፣ ከገበሬው የሚሰበሰበው የእህል ኮታ፣ ይህ ሁሉ በዚያ መክፈቻ ውስጥ አይገባም፤ ምክንያቱም መጽሐፍ ቅዱሳዊ ረሃብ ከሰማይ ነው የሚመጣው። እንደዚህ ያለ መክፈቻ የሰማ ተመልካች «ማን አደረገው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምን ልስጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰጠም። የብዙ ሰው ሕይወት ስለተረፈበት ያን ዘገባ ለመንቀፍ ምላሴ ይከብደኛል። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በ1967 ዓ.ም. መስከረም የወሎ ረሃብ ጥፋተኛ አንድ ሽማግሌ ሆነ፣ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት የወሎ ረሃብ ጥፋተኛ ሰማይ ሆነ። በመንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ምስል ግን በሁለቱም ዘገባዎች እጅግ ይመሳሰላል፤ ያው ጋቢ፣ ያው አቧራ፣ ያው ዝምታ። ምስሎቹን ቢለዋውጡ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ ማነጻጸር ራሱ ነውር ነው? አይደለም። ግብዣና ረሃብ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚገባቸው ጊዜ አለ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ምስሎች በጊዜ ይገናኛሉ? በኃላፊነት ይገናኛሉ? ማለትም በአንደኛው ምስል ያለው ሰው በሁለተኛው ምስል ስላለው ነገር ያውቅ ነበር፣ ሊያደርገውም የሚችለው ነገር ነበር? ንጉሠ ነገሥቱን በዚህ ብንመዝናቸው በኃላፊነት በኩል ክሱ ይቆማል፤ የአዝመራው መጥፋት ለመንግሥታቸው ደርሷል፣ በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ፎቶ አምጥተው አሳይተዋል፣ ወሬው ግን እንዲታፈን ተደርጓል። ይህን ለማሳየት ደብዳቤና ቀን ያስፈልጋል፤ ውሾች አያስፈልጉም። ውሾቹ የመጡት ደብዳቤ በቴሌቪዥን ስለማያስቆጣ ነው። የውሾቹ ምስል መቼ ተቀረጸ? ከረሃቡ በፊት ነው በኋላ? ለውሻ የተሰጠው ሥጋ ከወሎ ገበሬ አፍ የተነጠቀ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ያን ማታ በንዴት የነደደ ተመልካች አይጠይቅም፤ የተሰካበትም ዓላማ ይኸው ነው።

አሁን ያንኑ መቀስ ወደ ደርግ እናዙረው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ሰልፍና በብዙ ወጪ ተከበረ፤ የኢሠፓ ምሥረታም በዚያው ሰሞን ነው። የኮረሙ ዘገባ የተላለፈው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰልፉን ከኮረም ጋር ያያያዘ ፊልም በእኔ መለኪያ ከመስከረም 1967ቱ የተሻለ ይቆማል፤ የጊዜው ርቀት አጭር ነው፣ ሰልፉን ያዘጋጀውና የረሃቡን ሪፖርት በጠረጴዛው ላይ የያዘው መንግሥትም አንድ ነው። እንዲህም ሆኖ ሰልፉ የረሃቡ መንሥኤ ነው ማለት አይደለም። የሰልፉ ገንዘብ ሁሉ እህል ቢገዛበት እንኳ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶታል። ያ ቅንብር ግድየለሽነትን ያሳያል፤ መንሥኤን ግን አያሳይም። አብዛኞቹ ዘጋቢ ፊልሞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የግድየለሽነትን ማስረጃ ያቀርቡና የመንሥኤን ፍርድ ያስፈርዳሉ። የእርስዎም ፊልም ይህን ሳያደርግ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ለአባትዎ መልስ ለመስጠት እንዲህ ያድርጉ። ፊልሙን ሙሉውን መመርመር አያስፈልግዎትም፤ «እዚህ ላይ ነው የተናደድሁት» የሚሉበትን አምስት ደቂቃ ያህል ይምረጡ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ይዩት። ትረካው ሲነሣ ከምስሎቹ ግማሹ ምንም የማይናገሩ ሆነው ያገኟቸዋል፤ መኪና ያልፋል፣ ሰው ይራመዳል፣ በር ይዘጋል። እነዚያ ምስሎች የተቀመጡት ተራኪው እንዲናገርባቸው ነው፤ ስለዚህ በዚያ ክፍል ያመኑት ነገር ሁሉ ከድምፁ የመጣ ነው። ቀጥሎ ዓይንዎን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ይስሙ። ተራኪው በግልጽ ያልተናገረው፣ እርስዎ ግን ያመኑት ነገር ካለ ከስፌቱ የመጣ ነው።

ከዚያ በወረቀት ላይ ምስሎቹን በተራ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ጎን ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ የትና መቼ እንደተቀረጸ በፊልሙ ላይ ተጽፎ እንደሆነ፣ ተራኪው በዚያች ቅጽበት ምን እንዳለ። በእኛ ቋንቋ በተለይ «በዚሁ ጊዜ»፣ «እነርሱ ግን»፣ «ሕዝቡ እንዲህ እያለ» የሚሉ መሸጋገሪያዎችን ያስምሩባቸው፤ ቀን የሌላቸውን ሁለት ምስሎች በአንድ ቀን የሚያውሉት እነርሱ ናቸው። ባለቤት የሌላቸውን ግሦችም ያስምሩ፤ «ተወሰነ»፣ «ተዘረፈ»፣ «እንዲያልቁ ተደረገ» ሲል ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ በዚያች ሰዓት ግን የአንድ ሰው ፊት በስክሪኑ ላይ ካለ የግሡ ባለቤት ያ ፊት ሆነ ማለት ነው። ይህ በሕግ የማያስጠይቅ፣ በጣም የሚሠራ ክስ ነው።

ምስሉ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ወቅቱን ይመልከቱ። ተራኪው ስለ በጋ ሲያወራ ሜዳው ለምለም ከሆነ ወይም ሰው ሁሉ ዣንጥላ ከያዘ ምስሉ የሌላ ወር ነው። የመኪናውን ሰሌዳና የሱቁን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ምስሉ ተገልብጦ ከሆነ ፊደሉ በግራ በቀኝ ተለዋውጦ ያሳብቃል። አንድ ምስል በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመጣ፣ አንድ ጊዜ ለአንድ ከተማ ሌላ ጊዜ ለሌላ ከተማ፣ አዘጋጁ ምስል አጥሮት ነበር ማለት ነው። የተራቡና የተፈናቀሉ ሰዎች ምስል ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ይጋለጣል፤ ስማቸው ስላልተመዘገበ ማንም «ይህ እኔ ነኝ፣ ያ ቀንም ያ ቦታም አይደለም» ብሎ አይከራከርም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ፊልሙ የፈረደበት ሰው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል ማለት አይደለም። የወሎው ምሳሌ እንደሚያሳየው ድምዳሜው በከፊል ትክክል ሆኖ መንገዱ ጠማማ ሊሆን ይችላል። በወረቀትዎ መጨረሻ ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ፤ በአንደኛው ፊልሙ በሰነድ፣ በቀን ወይም ስሙ በታወቀ ምስክር ያቆመውን፣ በሁለተኛው በአደራደር ብቻ ያቆመውን ይጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ ከበዛ ለአባትዎ ያሳመነኝ እዚህ ላይ ነው ብለው ደቂቃውን ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላም የሚያጠራጥርዎት ስፌት ካለ የፊልሙን ስምና ደቂቃዎቹን ጽፈው ይላኩልኝ፤ በተለይ ሙዚቃው ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የተሻገረበትን።